ከሰረዙ ወዲያ ያለው ኮድ

ET-AM፣ TR-34፣ FR-2A እና US-MD የአንድን አገር የውስጥ አስተዳደር ክፍል የሚወክሉ ዓለም አቀፍ ኮዶች ናቸው። የመጀመሪያው የአማራ ክልልን፣ ሁለተኛው የቱርኩን ኢስታንቡል፣ ሦስተኛው የኮርሲካ ደሴትን ደቡባዊ ክፍል፣ አራተኛው የአሜሪካን ሜሪላንድ ያመለክታል። አሠራራቸው ቀላል ነው። ከሰረዙ በፊት ያሉት ሁለት ፊደላት አገሩን ይነግራሉ። ከሰረዙ በኋላ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት የሚደርሱ የላቲን ፊደላት ወይም አኃዞች ይከተሉና በአገሩ ውስጥ የትኛው ክልል ወይም ግዛት እንደሆነ ይለያሉ። መሠረታቸው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ በአጭሩ አይሶ፣ ያወጣው 3166 የተባለ ደረጃ ነው። ደረጃው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 የአገሮችን ኮድ ይዞ ሲሆን፣ የክልሎቹ ዝርዝር ሁለተኛ ክፍል ሆኖ የታተመው በ1998 ነው።

የሰረዙ ግራና ቀኝ ግን አንድ ዓይነት ባሕርይ የላቸውም። በግራ ያለው የአገር ኮድ በመላው ዓለም ላንድ አገር ብቻ የተሰጠ ነው፤ ET ኢትዮጵያ ከሆነ ሌላ አገር አይጠራበትም። በቀኝ ያለው ከሌላው መለየት የሚጠበቅበት በዚያው አገር ውስጥ ብቻ ነው። ደግሞም ይህን የቀኙን ክፍል አይሶ በብዙ አገሮች ከባዶ አልፈጠረውም። አገሩ ቀድሞ ሲሠራበት የኖረ ምልክት ካለ፣ የመኪና ታርጋ ቁጥርም ይሁን የፖስታ ምኅጻረ ቃል ወይም የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት መለያ፣ እሱኑ ተቀብሎ ከሰረዙ ቀጥሎ ያስቀምጠዋል። በዚህ ምክንያት የአገሩ ስም ብቻ የማይናገረው ብዙ ነገር እዚያ ተቀምጦ ይገኛል። እንዴት እንደሚነበብ ላወቀ ሰው ሁለቱ አኃዞች ወይም ፊደላት የአገሩን የአስተዳደር ታሪክ ያሳያሉ።

ይህን ከሁሉ አጥርታ የምታሳየው ቱርክ ናት። የቱርክ ኮዶች የመኪና ታርጋ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ01 እስከ 81 ይደርሳሉ። 01 አዳና፣ 06 አንካራ፣ 34 ኢስታንቡል፣ 35 ኢዝሚር፣ 67 ዞንጉልዳክ ነው። እስከ 67 ድረስ ቁጥሮቹ የክፍለ ሀገሮቹን ስም በቱርክኛ ፊደል ተራ ይከተላሉ፤ ዞንጉልዳክ በመጨረሻው ፊደል ስለሚጀምር መጨረሻ ላይ ይገኛል። ከ68 ጀምሮ ግን ተራው ይፈርሳል። 68 አክሳራይ ነው፣ 69 ባይቡርት፣ 72 ባትማን፣ 81 ዱዝጄ። እነዚህ ቁጥሩ ከታደለ በኋላ ክፍለ ሀገር የሆኑ ናቸው፤ ከ1989 ወዲህ አንድ በአንድ ሲቋቋሙ ከዝርዝሩ ጫፍ ላይ ቀጣዩን ቁጥር ወስደዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ቱርክ ሌላ ምንም ባያውቅ እንኳ TR-75ን ሲያይ በቅርብ ጊዜ ከሌላ ተቆርሶ የተቋቋመ ክፍለ ሀገር መሆኑን መናገር ይችላል። አርዳሃን ነው፤ የተቋቋመውም በ1992 ነው። የመጨረሻዋ ዱዝጄ ክፍለ ሀገር የሆነችው ኅዳር 1999 ላይ በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተመታች ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር።

በአሮጌዎቹ ቁጥሮች መካከልም ከቦታቸው የወጡ የሚመስሉ አሉ። TR-33 መርሲን ነው፤ ነገር ግን በ32 ኢስፓርታ እና በ34 ኢስታንቡል መካከል «መ» የሚል ስም ምን ይሠራል? መልሱ ክፍለ ሀገሩ እስከ 2002 ድረስ ኢቼል ይባል የነበረ መሆኑ ነው። ስሙ ሲቀየር ቁጥሩ ባለበት ቀረ። TR-46 ካህራማንማራሽ እንዲሁ በ«ማኒሳ» እና በ«ማርዲን» መካከል ተቀምጧል፤ ቁጥሩ ሲሰጠው ማራሽ ብቻ ነበርና። «ጀግና» የሚለው ቅጽል የተጨመረለት በ1973 ነው። TR-63 ሻንሊዑርፋም በተመሳሳይ መንገድ ዑርፋ በነበረበት ቦታ ቆሞ ይገኛል። እያንዳንዱ የተራ መፋለስ የተለወጠ ስም ወይም የተለወጠ ወሰን አለ ማለት ነው፤ ይህንን የሚያስተምረው የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን የታርጋ ቁጥር ነው።

የፈረንሳይ ቁጥሮች ከዚህ የራቀ ታሪክ ይዘዋል። የፈረንሳይ ዲፓርትማዎች ከ01 ኤን እስከ 89 ዮን በፊደል ተራ የተቆጠሩ ናቸው። 90 ቁጥርን የያዘው ግን በ«ቤ» የሚጀምረው የቤልፎር ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ፈረንሳይ በጀርመን ተሸንፋ አልዛስን ስታጣ፣ የቤልፎር ከተማና ዙሪያዋ ብቻ ከኦ ራን ዲፓርትማ ተቆርጠው በፈረንሳይ እጅ ቀሩ። ይህ ቁራጭ መሬት በ1922 ራሱን የቻለ ዲፓርትማ ሲሆን ከዝርዝሩ ጭራ ላይ ገባ። FR-90 በዚህ መልክ የአንድ ሽንፈት ምልክት ሆኖ ይኖራል።

ከእሱ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራሉ። ዛሬ 91፣ 92 እና 93 በፓሪስ ዙሪያ ያሉ ዲፓርትማዎች ናቸው፤ ኤሶን፣ ኦ ደ ሴን እና ሴን ሳን ደኒ። አልጄሪያ የፈረንሳይ ግዛት ተደርጋ በምትታይበት ዘመን ግን እነዚሁ ቁጥሮች የአልጀርስ፣ የኦራን እና የኮንስታንቲን ነበሩ። አልጄሪያ በ1962 ነፃ ስትወጣ ቁጥሮቹ ባዶ ቀሩ፤ የፓሪስ አካባቢ በ1968 አዲስ አወቃቀር ሲያገኝ ለአዲሶቹ ዲፓርትማዎች ተሰጡ። ኮርሲካ ደግሞ መጀመሪያ 20 ቁጥር ነበረች። በ1976 ለሁለት ስትከፈል 20ን ለማንኛቸውም ሳይሰጡ 2A እና 2B ብለው ከፈሉት። ለዚህ ነው FR-2A በቁጥሮች መካከል ፊደል ይዞ የሚገኘው። የደሴቲቱ የፖስታ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ በ20 ይጀምራል።

ፊደል የሚጠቀሙ አገሮችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። አሜሪካ በ1963 የፖስታ አድራሻን በአዲስ ቁጥር ስታደራጅ ለእያንዳንዱ ግዛት ሁለት ፊደል ሰጠች፤ አይሶም የወሰደው እነዚህኑ ነው። ችግሩ በ«ኤም» የሚጀምሩ ስምንት ግዛቶች መኖራቸው፣ ከነሱም አራቱ ሁለተኛ ፊደላቸው አንድ መሆኑ ነበር። MI ለሚሺጋን ሲደርስ ሚኒሶታ MN፣ ሚሲሲፒ MS፣ ሚዙሪ MO ሆኑ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሚኒሶታን MI ብሎ በሚሞላ ሰው ፖስታ ላይ የሚደርሰው መዘዝ ከዚህ የመጣ ነው። ነብራስካ ደግሞ መጀመሪያ NB ነበረች። የካናዳው ኒው ብረንስዊክም በዚሁ ምኅጻረ ቃል ይጠራ ስለነበር ደብዳቤዎች እንዳይቀላቀሉ ሲባል በ1969 ወደ NE ተለወጠች። ዛሬ US-NE እና CA-NB ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሁለት ጎረቤት አገሮች ስምምነት ይታይባቸዋል። በእስራኤል ሁኔታው ሌላ ነው፤ IL-Z፣ IL-D እና IL-M የሰሜን፣ የደቡብና የመካከለኛው አውራጃ ናቸው። ፊደላቱ የመጡት ከዕብራይስጥ ስሞቹ፣ ከጻፎን፣ ከዳሮም እና ከመርካዝ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ስማቸው የሚፈልጋቸው ሰው አያገኛቸውም።

የኢትዮጵያ ኮዶች በፊደል ናቸው። በአብዛኛው የክልሉ ስም በላቲን ሲጻፍ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ይወሰዳሉ፤ አፋር AF፣ አማራ AM፣ ኦሮሚያ OR፣ ሐረሪ HA፣ ጋምቤላ GA፣ ትግራይ TI። አንዳንዴ ስሙ ሁለት ቃል ሲሆን የየቃሉ መነሻ ይወሰዳል፤ አዲስ አበባ AA፣ ድሬዳዋ DD። እዚህ ላይ በሥራ ቦታ ብዙ ጉዳት የሚያደርስ ነገር አለ። ከሰረዙ በኋላ ያለው ክፍል ለብቻው ሲቆረጥ የሌላ አገር ስም ይሆናል። AF በአገሮች ዝርዝር አፍጋኒስታን ነው፣ AM አርሜኒያ፣ BE ቤልጂየም፣ GA ጋቦን፣ SN ሴኔጋል፣ SO ሶማሊያ፣ SI ስሎቬኒያ። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክልሎች ግማሽ ኮድ ከአንድ አገር ሙሉ ኮድ ጋር ይገጥማል። DD እንኳ ጀርመን ከመዋሐዷ በፊት የምሥራቅ ጀርመን ኮድ ነበር።

ለምሳሌ አንድ የእርዳታ ድርጅት የመረጃ ሠራተኛ፣ ተረጂዎችን በክልል የሚመዘግብ ሰንጠረዥ አለው እንበል። ቦታ ለመቆጠብ ሲል ET- የሚለውን ከሁሉም ረድፍ ላይ ያጠፋና SO፣ AF፣ AM ብቻ ያስቀራል። በዚያው አገር ውስጥ ሲሠራበት ችግር የለውም። ከወራት በኋላ ሌላ ሰው ይህንን ሰንጠረዥ ከሌሎች አገሮች መረጃ ጋር ሲያዋህደው ኮምፒውተሩ በጅግጅጋ ያሉትን በሶማሊያ፣ በሰመራ ያሉትን በአፍጋኒስታን፣ በባሕር ዳር ያሉትን በአርሜኒያ ይቆጥራቸዋል። ኮምፒውተሩ ስህተት መኖሩን አያሳውቅም፤ ኮዶቹ ሁሉ ትክክለኛ የአገር ኮዶች ናቸውና። ስህተቱ የሚታወቀው ድምሩን ያየ ሰው ሲኖር ነው። ድርጅቱ በማይሠራበት አገር ተረጂ ከታየ፣ ወይም OR፣ HA እና TI የማይታወቁ ሆነው ከቀሩ፣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ አቻ የአገር ኮድ የላቸውምና በመዋሐዱ ጊዜ ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

በቁጥር ኮዶች ላይ ደግሞ የተመን ሉህ ፕሮግራሞች የሚያደርሱት ጥፋት አለ። የቱርክ አዳና TR-01 ነው። ሰረዙ ላይ ለሁለት ሲቆረጥ ኤክሴልን የመሳሰለ ፕሮግራም 01ን እንደ ቁጥር ቆጥሮ ዜሮውን ይጥለዋል፤ ተመልሶ ሲቀጠል TR-1 የሚባል የሌለ ኮድ ይሆናል። ከ01 እስከ 09 ያሉት ክፍለ ሀገሮች በዚህ መልክ ሁሉም ይጠፋሉ፤ ከነሱም አንዷ ዋና ከተማዋ አንካራ ናት። የጣልያኑ ናፖሊ ኮድ IT-NA ነው፤ NA ለብቻው ሲቀር ብዙ የመረጃ ትንተና ፕሮግራሞች «መረጃ የለም» ማለት ነው ብለው ባዶ ያደርጉታል። ለሁሉም መድኃኒቱ አንድ ነው። ኮዱን ሰረዙ ላይ ሳይቆርጡ፣ በቁጥር ሳይሆን በጽሑፍ ዓይነት፣ ሙሉውን ማስቀመጥ፦

```
ትክክል:  ET-SO   TR-01   IT-NA
ስህተት:  SO      1       (ባዶ)
```

የኮዱ ሁለተኛ ፈተና ጊዜ ነው። ክልል ይከፈላል፣ ይዋሐዳል፣ ስሙ ይቀየራል፤ ቀድሞ የተመዘገበው መረጃ ግን አብሮ አይለወጥም። ET-SN የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ኮድ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዶ በሰኔ 2012 ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። ከዚያ መስከረም 20 ቀን 2014 በተደረገ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ወጣ። በነሐሴ 2015 ደግሞ የቀረው ክፍል የደቡብ ኢትዮጵያ እና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሆነ። ለሲዳማ ET-SI፣ ለደቡብ ምዕራብ ET-SW የሚሉ ኮዶች ተሰጥተዋል፤ ነገር ግን ሕዝበ ውሳኔ በተካሄደ ማግስት የሚወጣ ኮድ የለም። አዲሱ ክልል በሕግ ከቆመ በኋላ በዓለም አቀፉ ዝርዝር እስኪገባ ድረስ ጊዜ ያልፋል፤ በዚያ መካከል የተሞላ ቅጽ ሁሉ በአሮጌው ኮድ ነው የሚሞላው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ የጤና መዝገብ ማየት ይቻላል። በ2010 ዓ.ም. ከሐዋሳ፣ ከቦንጋ፣ ከአርባ ምንጭ እና ከሆሳዕና የመጡ አራት ታካሚዎች ሁሉም ET-SN ተብለው ተመዝግበዋል እንበል። ዛሬ እነዚህ አራት ከተሞች በአራት የተለያዩ ክልሎች ውስጥ ናቸው። ኮዱን ብቻ የያዘ መዝገብ የትኛው ታካሚ ዛሬ በየትኛው ክልል እንደሚቆጠር መልሶ ሊናገር አይችልም፤ ከተማው ወይም ዞኑ አብሮ ካልተጻፈ መረጃው ጠፍቷል። በሌላ በኩል የዛሬውን ET-SI ብቻ ከ2010 መረጃ ጋር የሚያነጻጽር ሰው፣ ሲዳማ ያኔ ምንም ታካሚ እንዳልነበረው አድርጎ ይደመድማል። አንድ ክልል በግራፍ ላይ በድንገት ከዜሮ ተነሥቶ ሌላው በዚያው ዓመት ወርዶ ከታየ፣ በሽታው ሳይሆን ወሰኑ ተለውጧል ብሎ መጠርጠር ይገባል። የጠፉ አገሮችን ኮድ የሚመዘግብ የደረጃው ሦስተኛ ክፍል አለ፤ ምሥራቅ ጀርመን እዚያ ትገኛለች። ለጠፉ ክልሎች ግን ይህን የመሰለ ራሱን የቻለ ክፍል የለም። በመሆኑም መዝገቡን የሚያቋቁመው ሰው ከኮዱ ጎን ቀኑን መጻፍ አለበት።

ይህ ሁሉ ድካም የሚያዋጣው አገሩን ብቻ ማወቅ ለብዙ ጉዳይ ስለማይበቃ ነው። ከአሜሪካ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገዢው በ US-OR ማለትም በኦሪገን ካለ በግዛቱ የሽያጭ ግብር አያስከፍልም፤ ኦሪገን ግብሩ የላትምና። ጎረቤቷ US-CA፣ ካሊፎርኒያ፣ ከ7.25 በመቶ የሚጀምር ግብር አላት። ሰዓትም እንዲሁ ነው። አብዛኛው አሜሪካ በበጋ ሰዓቱን ወደፊት ሲያደርግ US-AZ፣ አሪዞና፣ ከናቫሆ ሕዝብ ምድር በስተቀር ባለበት ይቆያል። በጀርመን ጥር 6 የጥምቀት በዓል ሕዝባዊ በዓል የሆነው በ DE-BW፣ በ DE-BY እና በ DE-ST ብቻ ነው፤ በበርሊን መደበኛ የሥራ ቀን ነው። ደመወዝ የሚያሰላ፣ የስብሰባ ሰዓት የሚይዝ ወይም የመላኪያ ቀን የሚቆጥር ፕሮግራም እነዚህን የሚያውቀው ከሰረዙ በኋላ ካለው ክፍል ነው።

ኮዱ የሚሰውረውም አለ። ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ከሚገኝባቸው አንዱ በዋሺንግተን ከተማ ዙሪያ ያለው ነው። ሥራው ዋሺንግተን፣ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አሌክሳንድሪያ የሆነ ሰው በአንድ ከተማ እንደሚኖር ነው የሚሰማው። በኮዱ ግን US-DC፣ US-MD እና US-VA የሚባሉ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ ማኅበረሰቡን በግዛት የሚቆጥር ሰንጠረዥ አንዱን ለሦስት ከፍሎ ያሳንሰዋል። በሌላ በኩል US-VA ከዋሺንግተን ዳርቻ እስከ አፓላቺያ ተራሮች የሚዘረጋ ሰፊ ግዛት ስለሆነ፣ ሰውየው የትኛው ጫፍ ላይ እንዳለ አይናገርም።

ኮዱ ስለ አንድ ግለሰብ የሚገልጠው መጠንም ከክልል ክልል ይለያያል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ኦሮሚያ ወደ 27 ሚሊዮን የሚጠጋ፣ ሐረሪ ግን 183 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው። ስም ያልተጻፈበት አንድ የጥናት ረድፍ «ET-OR፣ ሴት፣ 41 ዓመት፣ የጥርስ ሐኪም» ቢል ማን እንደሆነች ለማወቅ አስቸጋሪ ነው። ET-OR በ ET-HA ሲተካ ግን በሐረር የሚኖር ማንም አንባቢ ሊገምታት ይችላል። ሁለቱ ኮዶች በቁመት እኩል ናቸው፤ የሚያጋልጡት ግን እኩል አይደለም። ጥናት የሚያሳትም ሰው የግለሰብ መረጃ ሲያወጣ ትናንሾቹን ክልሎች አንድ ላይ አጣምሮ የሚያቀርበው፣ ወይም ከክልሉ ይልቅ አገሩን ብቻ የሚያስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ድረ ገጾች የጎብኚውን ክልል በራሳቸው ሲገምቱ የሚጠቀሙትም ይህንኑ ኮድ ነው። ግምቱ የሚነሣው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ከሚገናኝበት የኢንተርኔት አድራሻ ነው። ይህ አድራሻ አገሩን አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ይናገራል፤ ከሰረዙ በኋላ ሲደረስ ግን አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። የስልክ ኢንተርኔት ወደ ዓለም የሚወጣው በጥቂት ማዕከሎች በኩል ስለሆነ፣ ደሴ ያለ ሰው በ ET-AA ሊመዘገብ ይችላል። ግንኙነቱን በሌላ አገር በኩል የሚያዞር ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጨርሶ ያልረገጠው ግዛት ነዋሪ ሆኖ ይታያል። በእንዲህ ያለ መንገድ የተሰበሰበ ኮድ ሰውየው ራሱ ቅጽ ላይ ከሞላው ኮድ ጋር በአንድ ዓምድ ሊቀመጥ አይገባም፤ አንደኛው ሰውየው የሚኖርበትን ሲናገር ሌላኛው የሚናገረው መረጃው የወጣበትን በር ነው።